እንግዳው ለጋምቦ፣ ጠያቂው ደሴ፦ ኔትወርክ ሲደክም ቃለ ምልልስን በሁለት ወገን መቅረጽ

ባለፈው ክረምት ስለ መንዙማ የሚያወጉኝ አንድ ሼህ አገኘሁ። የሚኖሩት ለጋምቦ ነው፣ ከአቃስታ ወጣ ብሎ። እኔ ያለሁት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ። ሄጄ እንዳላገኛቸው ዝናቡም ሥራዬም ከለከለኝ። በስልክ ልናወጋ ተስማማን።

ለሙከራ ደወልኩላቸውና ጥሪውን ራሱን ቀዳሁት። ሼሁ ሁለት ስንኝ አዜሙልኝ። መልሼ ስሰማው አዘንኩ። ድምፃቸው ጣሳ ውስጥ የገባ ይመስላል። የሚጎትቱት ዜማ መሃል መሃሉ ላይ ይበጣጠሳል። ድቤውማ ጨርሶ የለም።

ጥፋቱ የሳቸው ስልክ አይደለም። መደበኛ የስልክ ጥሪ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያለው የድምፅ ግርማ፣ ከዚያ በላይ ያለው የፊደል ጥራት መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በስልክ «ሠራሁ» ያለ ሰው «ፈራሁ» ያለ ሊመስል ይችላል። የ«ሰ» እና የ«ፈ» ልዩነት ያለው በተቆረጠው ክፍል ውስጥ ነዋ። በኢንተርኔት ሲደወል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ድምፁ በትንንሽ ቁራጭ ተከፍሎ ነው የሚጓዘው። ኔትወርኩ ሲደክም ቁራጮቹ ይጠፋሉ፣ ወይም ዘግይተው ይደርሳሉ። ስልኩም ክፍተቱን በግምት ይሞላዋል። ያ «የሮቦት ድምፅ» የምንለው እሱ ነው። በዚያ ላይ ጩኸት የሚያጠፋው ሥርዓት ድቤንና ጭብጨባን እንደ ጩኸት ቆጥሮ ያፍናቸዋል።

እንዲህ የተበላሸውን በኋላ የሚያድን ፕሮግራም የለም። ያልደረሰ ድምፅ አይጠገንም። መፍትሔው ሌላ ነው። ስልኩ ለመነጋገር ብቻ ይሁን። ቀረጻው ግን በየቤታችን ይካሄድ። ሼሁ የራሳቸውን ድምፅ እዚያው ለጋምቦ ይቀርጻሉ፣ እኔ የራሴን ደሴ እቀርጻለሁ። ሁለቱን ፋይሎች በኋላ አንድ ላይ አጋጥማቸዋለሁ። ያን ጊዜ በመሃል ያለው ኔትወርክ ጥሩ ሆነ መጥፎ በድምፁ ላይ ሥልጣን የለውም።

እንግዳው ዘንድ ሁለት ስልክ ያስፈልጋል

ከሁሉ በፊት ይኼን ልብ በሉልኝ። አንዱ ስልክ ለጥሪ፣ ሌላው ለቀረጻ። በአንድ ስልክ ሁለቱንም ለመሥራት አትሞክሩ።

እኔ ሞክሬ አርባ ደቂቃ አጥቻለሁ። አንዲት ሌላ እንግዳ በደወልኩላት ስልክ ላይ መቅረጫውን ከፈተች። ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ቀዩ ምልክት ይበራል። ስንጨርስ ፋይሉ በደህና ተቀመጠ። ሲከፈት ውስጡ ዝምታ ነው። በአሁኖቹ አንድሮይድ ስልኮች ጥሪ ላይ ሲኮን ማይኩ ለጥሪው ብቻ ይሰጣል። ሌላው መቅረጫ እየሠራ ይመስላል እንጂ የሚደርሰው ድምፅ የለም። በኢንተርኔት ቢደወልም ያው ነው። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክም ቢሆን ለውጥ የለውም፣ ምክንያቱም ስልኩ አንድ ነው።

ደግነቱ ሁለተኛው ስልክ ውድ መሆን የለበትም። ሲም ካርድም አያስፈልገውም። መስታወቱ የተሰነጠቀ ይሁን፣ ማይኩ ከሠራና ባትሪው ሁለት ሰዓት ከቆየ ይበቃል። ለጥሪው ደግሞ ባለ ቁልፏ ትንሽ ስልክ እንኳ ትሆናለች። ለጋምቦ ላይ የሆነው እንዲህ ነው። ሼሁ በራሳቸው ትንሽ ስልክ አወሩኝ። የልጅ ልጃቸው ስማርት ስልክ ለቀረጻ ተቀመጠ። ልጁ ራሱ የቀረጻው ኃላፊ ሆነ። አረጋዊ ሰው ስታነጋግሩ አጠገባቸው እንዲህ ያለ ወጣት ፈልጉ። እንግዳውን ስለ መተግበሪያ እያስጨነቁ ጥሩ ጨዋታ አይገኝም።

ከቀጠሮው በፊት ያለው ቀን

ለልጁ በዋዜማው ደወልኩለት። ሦስት ነገር ብቻ አስደረግኩት።

መጀመሪያ መቅረጫው ምን ዓይነት ፋይል እንደሚያወጣ አየን። አንዳንድ ስልኮች ላይ ካልተነካ በቀር ዝቅተኛው ጥራት ነው የተመረጠው። ይኼን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለኝ። ልጁን «አንድ ደቂቃ ቅዳና የፋይሉን ክብደት ንገረኝ» እለዋለሁ። 90 ኪሎባይት አካባቢ ከሆነ ችግር አለ። ያ የስልክ ጥሪ ጥራት ያለው ቀረጻ ነው፣ ስሙም በ`.amr` ወይም በ`.3gp` ያልቃል። አንድ ሜጋባይት አካባቢ ከሆነና በ`.m4a` ካለቀ ጥሩ ነው። አምስት ሜጋባይት ገደማ ከሆነ ያልታመቀ `.wav` ነው። ጥራቱ ከሁሉም ይበልጣል፣ ለመላክ ግን ይከብዳል። አንድ ሰዓት `.wav` ከ300 ሜጋባይት በላይ ይሆናል። አንድ ሰዓት `.m4a` ግን 58 ያህል ብቻ። ኔትወርክ ለደከመበት ቦታ `.m4a` ን እመርጣለሁ። ለንግግር ልዩነቱን ጆሮ አይለየውም።

የልጁ ፋይል 94 ኪሎባይት ሆኖ መጣ። መቅረጫው ውስጥ ገብቶ ጥራቱን ከፍተኛ ላይ አደረገው። ዳግም ሲቀዳ ወደ አንድ ሜጋባይት ገባ።

ሁለተኛ፣ ስልኩ ውስጥ ቦታ መኖሩን አየን። 500 ሜጋባይት ነፃ ከሆነ ስለ ቦታ አታስቡ።

ሦስተኛ፣ የሚቀረጽበትን ክፍል መረጥን። ግቢው ውስጥ ሁለት ቤት አለ። አንዱ አዲስ ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ሌላው አሮጌ የጭቃ ቤት ነው፣ ከላይ ሳር፣ ውስጡ መደብና አጎዛ። ለእንግዳ ክብር ሲባል አዲሱ ቤት ተዘጋጅቶ ነበር። እኔ አሮጌውን ለመንኩ። ሲሚንቶ ድምፁን መልሶ ይወረውረዋል፣ ቆርቆሮ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ሁሉንም ይውጣል። ጭቃና ሳር ግን ድምፅን ጠጥተው ያስቀሩታል። ከተማ ውስጥ የምትቀርጹ ከሆነ መኝታ ክፍል ግቡ። ፍራሹ፣ መጋረጃው፣ የተሰቀለው ልብስ ሁሉ ይረዳል።

ሰዓቱን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል አደረግነው። በክረምት ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን ዝናብ ለመሸሽ ነው። የገበያ ቀንም እንዳይሆን ጠየቅኩ። ሰው በተሰበሰበበት ቀን መስመሩም ይጨናነቃል።

ስልኩ የት ይቀመጥ

የቀረጻው ስልክ መጀመሪያ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይግባ። አለበለዚያ አንድ ዘመድ ይደውልና ቀረጻው ይቆማል። የመስጊድ ሰዓት የሚያስታውስ መተግበሪያ ወይም የማንቂያ ደወል ካለም ይጥፋ።

ከዚያ ርቀቱ። ከአፍ አንድ ስንዝር፣ ቢበዛ አንድ ስንዝር ከግማሽ። ብዙዎቹ ስልኮች ዋና ማይካቸው ከታች፣ ቻርጀር ከሚገባበት አጠገብ ነው። ስለዚህ የስልኩ ታች ወደ ተናጋሪው ይዙር። ግን ፊት ለፊት አይሁን፣ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ይበል። ፊት ለፊት ከሆነ «ጰ» እና «ፐ» ባሉ ቁጥር ትንፋሽ ማይኩን ይመታዋል።

ባዶ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት። ሲኒ ሲቀመጥ፣ እጅ ሲያርፍ ሁሉም እንደ መዶሻ ይሰማል። ልጁ ጋቢ አጣጥፎ በርጩማ ላይ አደረገ፣ ስልኩን ከላይ አስቀመጠው። ዋጋ የማያስወጣ፣ ከብዙ የማይክ ማቆሚያ የሚሻል ነገር ነው። ቻርጀርም ይነቀል። ርካሽ ቻርጀር ቀረጻው ውስጥ የማያቋርጥ «ኡኡኡ» ያስገባል።

የጥሪው ስልክስ? ሼሁ ጆሯቸው ላይ እንደ ልማዳቸው ይያዙት። ድምፅ ማጉያው ግን በፍጹም አይከፈት። ከተከፈተ የኔ ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ይወጣና በሳቸው ቀረጻ ውስጥ ይገባል። ሁለቱን ፋይሎች ሳጋጥም እኔ ሁለት ጊዜ እሰማለሁ ማለት ነው፣ አንዴ ጥርት ብዬ፣ አንዴ ከስልክ ውስጥ። የቀረጻው ስልክ በቀኝ ካለ ጥሪው በግራ ጆሮ ይሁን። ኢርፎን ካለ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል፣ ምክንያቱም እጅ ይፈታል። ወሎ ውስጥ ያለ እጅ የሚያወጋ ሽማግሌ አላውቅም።

የኔ ወገን

ደሴ ላይ ያለኝ ላፕቶፕ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ማይክና ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። ማይክ የሌለው ሰው ልክ እንደ እንግዳው በሁለተኛ ስልክ ይቅረጽ። ላፕቶፑን ባትሪ ላይ አድርጉት። መብራት ቢጠፋ ቀረጻው አይቆምም፣ የቻርጀሩም ጉምጉምታ አይገባም።

እኔ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አደርጋለሁ። በኋላ ያለውን ድካም በግማሽ የሚቀንሰው እሱ ነው። የጥሪ ስልኬ ላይ ባለ ሽቦ ኢርፎን እሰካለሁ። ኢርፎኑ ሁለት ጫፍ አለው። አንዱን ጆሮዬ ውስጥ አደርጋለሁ። ሌላውን አንድ አሮጌ ስልክ ማይክ ላይ አስጠግቼ በፕላስተር አጣብቀውና በካልሲ እጠቀልለዋለሁ። አሮጌው ስልክ ይቀዳል። የሚቀዳው እኔ የምሰማውን ነው፣ ማለትም የሼሁን ድምፅ ከነመቆራረጡ። ክፍሉ ውስጥ ስለሆነም የኔ ድምፅ ትንሽ ትንሽ ይገባበታል።

ይኼን ሦስተኛ ፋይል «መሪ» እለዋለሁ። ለአድማጭ አይቀርብም። ሁለት አገልግሎት አለው። አንደኛ፣ የኔና የእንግዳው ድምፅ አንድ ላይ ያሉበት ብቸኛው ፋይል ስለሆነ የሁለቱን ቦታ ይነግረኛል። ሁለተኛ፣ እግዜር አያድርገውና የእንግዳው ፋይል ቢጠፋ ቢያንስ ይኼ አለ።

ሲጀመር

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ የኔ ላፕቶፕና መሪው ስልክ መቅዳት ይጀምሩ። ከዚያ ልደውል። ሲነሳ ልጁ የሳቸውን መቅረጫ ይክፈት። ቁጥሩ መቁጠር መጀመሩን በዓይኑ አይቶ «እየቆጠረ ነው» ይበለኝ። እየተቀረጸ መሆኑንና ለምን እንደሚውል እዚህ ላይ ለሼሁ እነግራቸዋለሁ፣ ፈቃዳቸውም በድምፅ ይያዝ።

አሁን ምልክት እንሰጣለን። ብዙ ሰው «አጨብጭቡ» ይላል። ልክ ነው፣ ጭብጨባ ቀረጻ ላይ ቀጥ ያለ ሹል መስመር ይሠራል። ግን ቅድም እንዳልኩት ስልኩ ጭብጨባን ሊያፍነው ይችላል። ያኔ እንግዳው ፋይል ላይ አለ፣ መሪው ላይ የለም። ማጋጠሚያ አይሆንም። እኔ የማደርገው በቋንቋችን ነው። እንግዳውን «ጣ! ጣ! ጣ!» እንዲሉልኝ እጠይቃለሁ፣ በመሃሉ አንድ አንድ ሰከንድ እየጠበቁ። «ጠ» ጉሮሮ ተዘግቶ የሚፈነዳ ፊደል ነው። ከዝምታ ወደ ድምፅ የሚወጣው በአንድ ጊዜ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሲታይ እንደ ገደል ቀጥ ያለ ጠርዝ አለው። የሰው ድምፅ ስለሆነም ስልኩ አያፍነውም።

ሼሁ ሦስቱን «ጣ» ካሉ በኋላ ሳቁ። «ልጄ፣ ለዚህ ነው እንዴ ከደሴ የደወልክ?» አሉኝ። ያን ሳቅ ሳልቆርጥ ከነምልክቱ አስቀምጬዋለሁ።

ከዚያ አሥር ሰከንድ ሁላችንም ዝም እንላለን። የክፍሉ ባዶ ድምፅ ይቀረጻል። በኋላ ክፍተት ለመሙላት ይጠቅማል።

ሲወራ

መስመሩ ቢቆረጥ ቀረጻው አይቁም። ይኼን ለልጁ ሦስቴ ነግሬዋለሁ። ሰው ጥሪው ሲቋረጥ በደመ ነፍስ ሁሉንም ይዘጋል። ያኔ አዲስ ፋይል፣ አዲስ ምልክት፣ አዲስ ማጋጠም ይመጣል። የቀረጻው ስልክ ግን ከጥሪው ጋር ግንኙነት የለውም። ጥሪው አሥር ጊዜ ቢቋረጥ እሱ ይቀጥላል። እኔ መልሼ እደውላለሁ፣ «የት ደርሰን ነበር?» እላለሁ፣ ጨዋታው ይቀጥላል። የመሃሉን ዝምታ በኋላ ቆርጬ እጥለዋለሁ። ያን ቀን ሦስት ጊዜ ተቋርጦብናል። የሰማ ሰው አያውቅም።

ሌላው፣ ያልተሰማኝን ሁሉ «አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ» አልልም። ለኔ አልደረሰም እንጂ የሳቸው ስልክ ላይ አለ። ሰው አንድን ታሪክ ሁለተኛ ሲናገር እንደ መጀመሪያው አይነግረውም። ያሳጥረዋል። የምጠይቀው ቀጣዩን ጥያቄ ለማንሳት ትርጉሙ ከጠፋኝ ብቻ ነው። አለዚያ ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጽፌ አልፋለሁ።

«እህ»፣ «እሺ»፣ «አዎ» ማለትም ይቀንስ። በጥሪ ላይ ድምፅ ዘግይቶ ስለሚደርስ የኔ «እህ» እሳቸው ጋ የሚደርሰው ሌላ ዓረፍተ ነገር ከጀመሩ በኋላ ነው። ያቋረጥኳቸው ይመስላቸውና ያቆማሉ። ለዚህም አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፦ «ዝም ብል እየሰማሁ ነው፣ ይቀጥሉ።» «አብሽር» አሉኝና ቀጠሉ።

በየሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃው ግን ሆን ብለን እናቆማለን። መጀመሪያ የመዝጊያ «ጣ! ጣ! ጣ!»፣ ከዚያ ልጁ ፋይሉን ያስቀምጣል፣ ከዚያ አዲስ ይጀምራል። እኔም መሪውንና ላፕቶፑን አብሬ ዘግቼ አዲስ እጀምራለሁ። ባትሪ ቢሞት ወይም ስልኩ በድንገት ቢዘጋ የሚጠፋው ያ ክፍል ብቻ ነው። የመዝጊያውን ምልክት አትርሱ። ለምን እንደሚያስፈልግ ትንሽ ቆይቼ አሳያለሁ።

ፋይሉ እንዴት ይምጣ

ሁለት ፋይል ሆነ። አንዱ 26 ደቂቃ፣ 25 ሜጋባይት። ሌላው 19 ደቂቃ፣ 18 ሜጋባይት። ልጁ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት የሁለቱንም መጀመሪያና መጨረሻ ከፍቶ ሰማ። ድምፅ አለ። ስማቸውን `legambo1` እና `legambo2` አስባልኩት። «እኔ ደረሰኝ እስክልህ ምንም አታጥፋ» አልኩት።

በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፋይል ይላክ። ማይክ ምልክቷን ተጭኖ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ ደግኖ የሚልክ ሰው አጋጥሞኛል። ያ አዲስ የታመቀ ቅጂ ነው፣ የለፋንበትን ሁሉ ያጠፋዋል። ፋይሉ እንዳለ ከመጣ ክብደቱ አይቀየርም። ልጁ ጋ 25 ሜጋባይት ከሆነ እኔም ጋ 25 መሆን አለበት። ካነሰ የሆነ ነገር ነክቶታል።

ኔትወርኩ በሰከንድ 100 ኪሎቢት ብቻ ቢያወጣ 25 ሜጋባይት ለመላክ ከ33 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል፣ ያውም ካልተቋረጠ። ስለዚህ ሌሊት ይሞከር፣ ወይም ሰውየው ከተማ ሲወጣ ይላክ። የመጀመሪያው ፋይል አቃስታ ሆኖ ተላከልኝ። ሁለተኛው አልሄድ አለ። ሜሞሪ ካርዱ ላይ ገልብጦ ወደ ደሴ ለሚመጣ ሚኒባስ ሹፌር በአደራ ሰጠው። በማግሥቱ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። ካርዱ ቢጠፋ እንኳ ዋናው ስልኩ ውስጥ አለ።

ማጋጠም

ኦዳሲቲ `.m4a` ን አልከፍት ካለ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለውን ነፃ የፋይል መቀየሪያ ቅጥያ ይፈልጋል ማለት ነው። ወይም ኤፍኤፍኤምፔግ ኮምፒውተራችሁ ላይ ካለ አስቀድማችሁ እንዲህ ቀይሩት፦

```
ffmpeg -i legambo1.m4a -ar 48000 -ac 1 legambo1.wav
```

ሦስቱንም ፋይል አንድ ላይ አስገቡ። ከላይ መሪው፣ ከሥሩ የእንግዳው፣ ከዚያ የኔ። መሪውን አትንኩት። ሌሎቹ ወደሱ ይምጡ።

መሪው ላይ የሼሁ የመጀመሪያ «ጣ» ያለው 3፡05.10 ላይ ነበር። የሳቸው ፋይል ላይ ያው «ጣ» ያለው 1፡12.40 ላይ ነው፣ ምክንያቱም እነሱ የጀመሩት ዘግይተው ነው። ልዩነቱ አንድ ደቂቃ ከ52.70 ሰከንድ። የሳቸውን ትራክ ከላይ ባለው እጀታ ይዤ ያን ያህል ወደ ቀኝ ጎተትኩት። በ`Ctrl+1` አጉልቼ የ«ጣ»ን ጠርዝ ከጠርዝ ጋር አገናኘሁ። የኔንም ፋይል እንደዚሁ፣ መሪው ላይ ባለው የራሴ ድምፅ አጋጠምኩ። ቀጥሎ ሁለት ሁለቱን እያጫወትኩ ሰማሁ። በትክክል ከገጠመ የሼሁ ድምፅ ከመሪው ጋር አንድ ሰው ሆኖ ይሰማል። ትንሽ ከሳተ የሚያስተጋባ ይመስላል።

አሁን ወደ መዝጊያው ምልክት ሄድኩ። መሪው ላይ 27፡20.30። የሼሁ ትራክ ላይ 27፡20.42። መጀመሪያ ላይ ገጥሞ የነበረው መጨረሻ ላይ በ0.12 ሰከንድ ሸሸ። ይኼ ስህተት አይደለም። እያንዳንዱ ስልክ ጊዜ የሚቆጥርበት የራሱ ሰዓት አለው፣ ሁለት ስልክ ፍጹም እኩል አይቆጥርም። በ24 ደቂቃ ውስጥ ጥቂት ሸሸ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ግን ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይሆን ነበር። ያኔ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ ይጀምራል። ክፍል ክፍል አድርገን የቀረጽነው ለዚህም ጭምር ነው።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ትራኩን ሦስት ቦታ ከፍሎ ማሰብ። መጀመሪያው ክፍል ይቅር። ሁለተኛው በ0.06 ሰከንድ፣ ሦስተኛው በ0.10 ሰከንድ ወደ ግራ ይሳብ። የሚቆረጠው እኔ ስጠይቅ እሳቸው ዝም ያሉበት ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ዝምታ ግማሽ ሰከንድ ያህል መርጬ በ`Ctrl+Alt+K` አጠፋሁት። ይኼ ቁልፍ ክፍተቱን ሳይዘጋ ስለሚተወው ቀጣዩን ክፍል ወደ ግራ ለመሳብ ቦታ ይገኛል። የቀረውን ክፍተት ቅድም በቀረጽነው የክፍሉ ባዶ ድምፅ ሞላሁት። ዜማው መሃል ላይ ግን በፍጹም አይቆረጥም።

ልዩነቱ ትልቅ ከሆነስ? ሁኔታውን እዩ። በቀስታ ሳይሆን አንድ ቦታ ላይ በድንገት ከዘለለ፣ እዚያ ጋ ቀረጻው ለአፍታ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ያን ቦታ ፈልጋችሁ ቁረጡና ከዚያ በኋላ ያለውን እንደገና አጋጥሙ። ድምፁ ከወፈረና 25 ደቂቃው ከ27 ካለፈ ደግሞ 48,000 ሆኖ የተቀረጸው ፋይል እንደ 44,100 እየተጫወተ ነው። ያን መቁረጥ አያድነውም። ዋናውን ፋይል መልሳችሁ በትክክለኛው ቁጥር አስገቡ።

ከገጠመ በኋላ መሪውን ዝም አሰኙት። ያን ጊዜ ሁለት ንጹሕ ትራክ ይቀራል። እኔ ስናገር የሼሁን ትራክ ዝቅ አደርጋለሁ እንጂ ሙሉ በሙሉ አላጠፋውም። ክፍሉ ብቅ ጥልቅ ካለ ጆሮ ይረበሻል። ጩኸት የሚያጠፋውንም መሣሪያ ዜማ ላይ አልጠቀምም። የድምፁን ጅራት ይበላዋል።

አንድ ነገር ግን ይኼ ዘዴ አይሰጥም። ስልክ ድምፁን ራሱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ሼሁ ድቤውን ሲመቱ የልጁ ስልክ ደንግጦ ድምፃቸውን ወደ ታች ጫነው፣ ሲያቆሙ ቀስ ብሎ መለሰው። ለሁለተኛው ክፍል ድቤውን ሁለት እርምጃ አራቅነው። ጠፋ ባይባልም በጣም ቀነሰ።

ሲጠናቀቅ ለልጁ በስልክ አሰማሁት። ፋይሉ በደህና እንደደረሰ ነገርኩትና አሁን ማጥፋት እንደሚችል አልኩት። «አላጠፋውም» አለኝ። «የአባባ ድምፅ ነው።»